ከመቶው ስንት? ስለ ግብር ፍትሐዊነት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ግልባጭ፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የደመወዝ ግብር እርከኖች ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ እንዲስተካከሉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የደመወዝ ሂሳብ እሠራለሁ። ፔሮል የምንለውን ማለቴ ነው። ግብሩን፣ ጡረታውን፣ ብድሩን፣ ሠራተኛው የቀረበትን ቀን ሳይቀር ደምሬ ቀንሼ ወረቀቱን የማድለው እኔ ነኝ። ደመወዝ በወጣ ማግስት በሬ ላይ ሰው አይጠፋም። አንዱ የትርፍ ሰዓቴ የት ገባ ይላል፣ ሌላዋ ተሳስተሽብኛል ትላለች። ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ግን የጥበቃ ሠራተኛችን መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ደመወዛቸው 6,000 ብር ነው። ወረቀታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ 700 ብር ተቆረጠብኝ ብዬ ልከራከርሽ አልመጣሁም» አሉኝ። «ሥራ አስኪያጁስ ላይ? ከመቶው ስንት ነው የሚቆረጥባቸው?»

የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ ለማንም አልናገርም፣ ሥራዬ ነው። «80,000 ብር የሚያገኝ ሰው ብለን እናስብ» አልኳቸውና ማሽኑን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ከእኔና ከጋሼ በላይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

በ2017 በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት የደመወዝ ግብር እንዲህ ይሰላል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 የሚያልፈው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። የጋሼ 6,000 ብር እንግዲህ ሦስት ቦታ ይቆረሳል። 2,000ው ነጻ ነው፣ ቀጣዩ 2,000 ብር 300 ያስከፍላል፣ የመጨረሻው 2,000 ደግሞ 400። ድምሩ 700 ነው። ከመቶው 11 ብር ከ67 ሳንቲም መሆኑ ነው። ባለ 80,000ው በዚሁ መንገድ ሲሰላ 25,950 ብር ይከፍላል። ከመቶው 32 ብር ከ44 ሳንቲም።

ጋሼ ቁጥሩን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። «እንዲህ ከሆነስ ደግ» አሉ። የኢኮኖሚ ሰዎች ፕሮግረሲቭ የሚሉት ይህን ነው፤ ገቢ ሲያድግ ከመቶው የሚቆረጠውም አብሮ የሚያድግበት ግብር። ተቃራኒው ሪግረሲቭ ይባላል። ገቢ ባነሰ ቁጥር ከመቶው የሚሄደው ይበዛል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሚታየው የተከፈለው ብር ብዛት አይደለም፣ ከገቢው ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። አንድ ሰው ከሌላው አሥር እጥፍ ብር ከፍሎም ከድርሻ አንጻር ያነሰ ሊከፍል ይችላል። ወደዚያ እመጣለሁ።

መንገዴን ስቼ አንድ ነገር ላንሳ። ስለ እርከን ያለው ግንዛቤ ያሳዝነኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ 13,800 ብር ሲያገኝ 500 ብር ጭማሪ ሊሰጠው ሲባል «ይቅርብኝ፣ 35 በመቶ ውስጥ አስገብታችሁ ልታከስሩኝ ነው» አለ። ቀልዱን አልነበረም። አስቀምጬ አሳየሁት። 35 በመቶው የሚነካው ከ14,000 በላይ ያለችውን 300 ብር ብቻ ነው። በ500 ብሩ ላይ ግብሩ የሚጨምረው 165 ብር ነው፣ 335ቱ ለእሱ ይቀራል (ጡረታው ሳይነሳ)። በዚህ ሠንጠረዥ ደመወዝ ስለጨመረ ብቻ እጅ ላይ የሚደርሰው ብር የሚቀንስበት ቦታ የለም። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ማንም አስረድቶት አያውቅም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። «ደግ» ያሉት ለምን ነው? ፍትሐዊ የሚለው ቃል አንድ ብቻ ትርጉም ያለው ይመስለን ይሆናል። የለውም። የእኛኑ እድር ተመልከቱ። ጋሼም የሰፈራቸው ባለ ፎቅ ነጋዴም በወር እኩል 200 ብር ይከፍላሉ እንበል። ለጋሼ ከገቢያቸው 3 ብር ከ33 ሳንቲም በመቶ ነው። ለነጋዴው ከምንም አይቆጠርም። በሂሳብ ቋንቋ ከዚህ የባሰ ሪግረሲቭ መዋጮ አይገኝም። ግን በእድር ስብሰባ ላይ ተነስቶ ይህ ግፍ ነው ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው፣ ወንበሩም ያው ወንበር ነው፣ ለቀስተኛም ለሁሉም እኩል ይመጣል። እኩል የተጠቀመ እኩል ይክፈል የሚል ፍትሕ ነው ያለው።

የድሮው አሥራት ደግሞ ሌላ ፍትሕ ነበረው። ከአሥር አንድ። አምስት ኩንታል ያገኘ ግማሽ ኩንታል ይሰጣል፣ መቶ ያገኘ አሥር። ምጣኔው ለሁሉም አንድ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ከአምስት ኩንታል የሚቀነስ ግማሽ ኩንታል ከልጆች መሶብ ላይ የሚነሳ ነው፣ ከመቶ የሚቀነሰው አሥር ግን ከጎተራ ነው። ፕሮግረሲቭ ግብር የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው። ለኑሮ የግድ የሚያስፈልገውን አትንካ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ እየጨመርክ ሂድ የሚል ሐሳብ ነው። በእኛ ሠንጠረዥ ይህን ሥራ የሚሠራው ከሁሉም በላይ የመጀመሪያው ረድፍ ነው፤ ያ ነጻ የሆነው 2,000 ብር። ለጋሼ ከደመወዛቸው ሲሶው ነው። ለባለ 80,000ው ከመቶ ሁለት ብር ተኩል።

እስካሁን ያወራሁት ጋሼ የድርጅቱን በር ሳይወጡ ስላለው ግብር ነው። ከበሩ ሲወጡ ሌላ ግብር ይጠብቃቸዋል።

ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ቫት፣ አገራችን ከገባበት ከ1995 ጀምሮ 15 በመቶ ነው። ቫት ገዢውን አያውቀውም። ሳሙናውን የገዛው ጋሼ ይሁኑ ሚሊየነር ካሽ ሬጂስተሩ አይጠይቅም። ነጻ የመጀመሪያ 2,000 ብር የሚባል ነገርም የለውም። አብረን ቁጭ ብለን የጋሼን የወር ወጪ ቆጠርን። ከግብርና ከጡረታ በኋላ 4,880 ብር እጃቸው ይገባል። የቤት ኪራይ ቫት የለበትም። እህሉም የለበትም። ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ጫማና ልብስ፣ ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ አልፎ አልፎ ለስላሳ፣ እነዚህን ስንደምር ወደ 1,840 ብር መጣ። በዚህ ውስጥ ያለው ቫት 240 ብር ነው። እዚህ ላይ በ15 በመቶ እንዳታባዙት፤ ዋጋው ቫቱን ስለያዘ ለ115 ተካፍሎ ነው በ15 የሚባዛው። ከጋሼ ደመወዝ 4 በመቶ ሆነ።

ባለ 80,000ው ደግሞ ቫት ባለበት ዕቃ ላይ የጋሼን አሥር እጥፍ፣ 18,400 ብር ያወጣል እንበል። የሚከፍለው ቫት 2,400 ብር ነው። አሥር እጥፍ ከፈለ። ከገቢው ግን 3 በመቶ ነው። ቀሪው ገንዘቡ ወደ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ወደ ባንክ፣ ወደ መሬትና አክሲዮን ይሄዳል። እነዚያ ቫት የለባቸውም። 300,000 የሚያገኝ ሰው 46,000 ብር ቫት ባለው ላይ ቢያወጣ 6,000 ብር ቫት ይከፍላል። 2 በመቶ። ወደታች ብንወርድስ? በቀን ሥራ በወር 2,000 ብር የምታገኝ ሴት የገቢ ግብሯ ዜሮ ነው። ግን 690 ብሩን ሳሙናና ካርድ ላይ ብታወጣው 90 ብር ቫት ከፍላለች። አራት ተኩል በመቶ። መሰላሉ ተገልብጧል ማለት ነው።

«እኔ ከመንገድ ላይ ነው የምገዛው፣ ደረሰኝ የለም፣ ቫት አልከፍልም» የሚል ሰው ብዙ አለ። ጋሼም ይህንኑ ብለውኛል። ደረሰኝ የለም ማለት ግን ቫት የለም ማለት አይደለም። ጫማው ከውጭ ሲገባ ጉምሩክ ላይ 15 በመቶ ተከፍሎበታል። አስመጪው ከጅምላ ሻጩ ያስመልሳል፣ ጅምላ ሻጩ ከቸርቻሪው። መንገድ ላይ የሚሸጠው ልጅ ግን ለቫት አልተመዘገበም፣ ስለዚህ የከፈለውን የሚያስመልስበት መንገድ የለውም። ዋጋው ውስጥ ጨምሮ ለጋሼ ይሸጥላቸዋል። የልጁ ትርፍ ብቻ ነው ከቫት የዳነችው።

እዚህ ላይ ለሌላው ወገን ፍትሐዊ ልሁን። ቫትን የሚደግፉ ሰዎች ጥሩ ክርክር አላቸው። የተቀመጠ ገንዘብ አንድ ቀን ይወጣል፣ ያኔ ቫቱን ይከፍላል፣ ስለዚህ የአንድ ወር ሳይሆን የዕድሜ ልክ ሂሳብ ነው መታየት ያለበት ይላሉ። ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን መሬት ሆኖ ለልጅ የሚተላለፍ፣ ወይም ቫት በሌለበት ነገር ላይ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ግብር ሲሰበሰብ ብቻ አይታይም፣ ሲወጣም ይታይ ይላሉ። የቫቱ ብር የጋሼ ልጅ የሚማርበትን የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም ሴፍቲኔትን ከደገፈ፣ በአንድ እጅ የተወሰደው በሌላው ይመለሳል። እስማማለሁ። ግን ያንን ለማወቅ ሁለቱም ጎን በአንድ ወረቀት ላይ መቅረብ አለበት። እንዲህ ሆኖ የቀረበ ወረቀት እኔ አላየሁም።

«ታዲያ ብዙ ነገር ከቫት ነጻ ይደረግ» የሚለው የተለመደ መፍትሔም እንደሚመስለው አይደለም። ትምህርትን እንውሰድ። ከቫት ነጻ ነው፣ ሰምቶ የሚቃወም የለም። ነገር ግን በወር 20,000 ብር የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ወላጅ በዚህ ምክንያት በየወሩ 3,000 ብር ይተርፈዋል። የጋሼ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚማር የሚተርፋቸው ዜሮ ነው። ነጻ የማድረግ ጥቅም የሚከፋፈለው እንደ ሸመታ መጠን ነው። ዕቃው ድሃ ከገቢው አብዛኛውን የሚያወጣበት ሲሆን፣ እንደ እህል፣ ነገሩ ይሠራል። ካልሆነ ስጦታው ወደ ላይ ይሄዳል።

ሁለቱን ግብር ስንደምር ጋሼ 940 ብር ይከፍላሉ። 15 ብር ከ67 ሳንቲም በመቶ። ባለ 80,000ው 28,350 ብር፣ 35 ብር ከ44 ሳንቲም በመቶ። ስለዚህ ደመወዝተኞችን ብቻ ካየን ድምሩ አሁንም ፕሮግረሲቭ ነው። ቫት የሚሸረሽረው ትንሽ ነው። ይህን የምለው በሐቅ እንድትቀበሉኝ ነው፤ ሥርዓቱ ሁሉ ተገልብጧል አላልኩም። ገቢው ከደመወዝ ያልሆነ ሰው ሌላ ታሪክ ነው። በ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ከባንክ ወለድ የሚቆረጠው 5 በመቶ ብቻ ነበር፣ ወለዱ መቶ ብርም ይሁን መቶ ሺህ። በዚያው አዋጅ 6,000 ብር ደመወዝ ከመቶው 15 ብር ከ58 ሳንቲም ይከፍል ነበር። እርግጥ የዋጋ ንረት ከወለዱ ሲበልጥ ቆጣቢው በእውነት አላተረፈም ማለት ይቻላል። እንግዲያው የዋጋ ንረትን ለቆጣቢው ካሰብንለት ለደመወዝተኛውም እናስብለት። የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

የደመወዝ ግብር እርከኖች የተጻፉት በብር ነው። ብር ደግሞ አይቆምም። በ1994 በወጣው አዋጅ ነጻ የነበረው 150 ብር ነበር። በ2008 ወደ 600 ከፍ አለ። ከዚያ እስከ 2017 ድረስ ዘጠኝ ዓመት ንቅንቅ አላለም። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ የዋጋ ንረት በዓመት 30 በመቶን ያለፈበት ጊዜ ነበር። ዋጋ በሦስት እጥፍ ጨመረ ብዬ ብነሳ አጋነነች የሚለኝ ያለ አይመስለኝም።

አሁን አንዲት ሠራተኛ አስቡ። በ2008 ደመወዟ 3,000 ብር ነበር። በዚያው ዓመት ሠንጠረዥ ግብሯ 307 ብር ከ50 ነው። ከመቶው 10 ብር ከ25 ሳንቲም። ዓመታት አለፉ፣ ዋጋ በሦስት እጥፍ ጨመረ፣ አሠሪዋም ደግ ሆኖ ደመወዟን በሦስት እጥፍ ከፍ አደረገው። 9,000 ብር። የምትገዛው እንጀራ ያው ነው፣ የምትከራየው ክፍል ያው ነው። ሀብታም አልሆነችም። ግብሯ ግን 1,745 ብር ሆነ። ከመቶው 19 ብር ከ39። ሕጉ ላይ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ ምክር ቤቱ እጁን ሳያነሳ፣ የግብር ድርሻዋ ወደ እጥፍ ተጠጋ።

በዚያው ጊዜ ከላይ ያለውስ? በ2008 40,000 ብር የሚያገኝ ሰው 12,500 ብር ይከፍል ነበር። ከመቶው 31 ብር ከ25። ደመወዙ በሦስት እጥፍ 120,000 ሲሆን 40,500 ከፈለ። ከመቶው 33 ብር ከ75። በእሷ ላይ ዘጠኝ ነጥብ ሲጨመር በእሱ ላይ ሁለት ተኩል ብቻ ተጨመረ። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። እሱ ድሮውኑ የላይኛው እርከን ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ደረጃ የለም። እሷ ግን ከታች ጀምራ ደረጃ በደረጃ ተገፍታ ወጣች። በ600 ብር ከግብር ነጻ የነበረው ሰው ደግሞ 1,800 ሲደርስ ከመቶው 7 ብር ይከፍል ጀመር።

እንግዲህ ፕሮግረሲቭ ሆኖ የተጻፈ ሠንጠረዥ ቆሞ ሲቀር ጭማሪውን በዋናነት የሚጭነው ከታችና ከመሐል ባሉት ላይ ነው። ላዩን ሲያዩት ቅርጹ ያው ነው። 35 በመቶው አሁንም ከላይ ተቀምጧል። ውስጡ ግን ተቀይሯል። በፔሮል ሥራ ይህን ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለኝ። የዛሬ አምስት ዓመትና የዛሬውን የደመወዝ መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጬ በላይኛው እርከን ውስጥ ያሉትን ሰዎች እቆጥራለሁ። ከማሻሻያው በፊት ላይኛው እርከን ከ10,900 ብር ይጀምር ስለነበር፣ መጀመሪያ የሥራ አስኪያጆች ብቻ የነበረው ረድፍ ኋላ ላይ ሾፌርም ሒሳብ ሠራተኛም ገባበት። ሾፌሩ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አይደለም።

የ2017ቱ ማሻሻያ ይህን በከፊል አስተካክሏል። ለዚህ አመሰግናለሁ። ያቺ 9,000 ብር የምታገኘው ሴት አሁን የምትከፍለው 1,400 ነው፣ ከመቶው 15 ብር ከ56። ግን ልብ በሉ፣ በ2008 ከነበረችበት 10 ብር ከ25 አልተመለሰችም። ከግብር ነጻ የሆነው ወለል ከዋጋው በላይ አድጓል፤ 600 በሦስት ቢባዛ 1,800 ይሆን ነበር፣ የተሰጠው 2,000 ነው። 10 በመቶ የነበረው የመጀመሪያ እርከን ግን ጠፍቶ አሁን ከዜሮ ተነስተን በቀጥታ 15 ላይ እንወጣለን።

ማሻሻያውስ ማንን ጠቀመ? እዚህም ላይ መልሱ እንደ መለኪያው ነው። ጋሼ ከ935 ወደ 700 ወረዱ፣ 235 ብር ተረፋቸው። ባለ 80,000ው ከ26,500 ወደ 25,950 ወረደ፣ 550 ብር ተረፈው። በብር ካያችሁት የበለጠ ያገኘው እሱ ነው። ነጻው ወለል ለሁሉም ነጻ ስለሆነ ነው። ከገቢ አንጻር ግን ለጋሼ ከመቶው ወደ 4 ብር ገደማ ነው፣ ለእሱ 70 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ሂሳብ ልክ ነው። አንዱ የመንግሥት ካዝና ምን እንዳጣ ይነግራችኋል፣ ሌላው የጋሼ ቤት ምን እንደተሰማው። እኔ ፍትሐዊ ነው አይደለም ለማለት ሁለተኛውን ነው የማየው። ሌላ ሰው ሌላ ሊመርጥ ይችላል፣ ምርጫውን ግን በግልጽ ይንገረን።

ጥያቄዬ እንግዲህ እርከኖቹ በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ከዋጋ ንረቱ ጋር አብረው እንዲያድጉ በአዋጅ ይደንገግ የሚል ነው። ቁጥሩን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ያወጣዋል። የመጪው ዓመት ንረት 14 በመቶ ሆነ እንበል። 2,000ው 2,280 ይሆናል፣ 4,000ው 4,560፣ ሌላውም እንዲሁ። ጋሼ በዚያው ልክ 840 ብር ተጨምሮላቸው 6,840 ብር ቢያገኙ፣ ዛሬ ባለው ሠንጠረዥ 868 ብር ይከፍላሉ። ሠንጠረዡ አብሮ ካደገ 798። ልዩነቱ በወር 70 ብር ነው። ጭማሪ ተብሎ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው የሚወሰደው 70 ብር እሱ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የፌዴራል ገቢ ግብር እርከኖቿን በዚህ መንገድ በየዓመቱ ታስተካክላለች። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ብትጠይቁ በየዓመቱ አዲስ ሠንጠረዥ እንደሚመጣላቸው ይነግሯችኋል።

የገንዘብ ሚኒስቴር ምን እንደሚል አውቃለሁ። የመንግሥት ገቢ ይቀንሳል ይላል። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከኢኮኖሚው አንጻር ትንሽ መሆኑንም አውቃለሁ። ደመወዝተኛ ደግሞ ለመሰብሰብ የሚመች ነው፤ እኔ ነኝ ቆርጬ የማስገባው፣ አይደበቅም፣ አይከራከርም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚያስፈልግ ከሆነ ምጣኔው ይጨመር ተብሎ ረቂቅ ይቅረብ፣ ምክር ቤቱ ይወያይበት፣ እኛም እንስማው። ዋጋ ንረት በራሱ ግብር ሲጨምር ግን ማንም ድምፅ አልሰጠም። የእናንተ ሥልጣን ነው በዝምታ የተወሰደው፣ የእኛ ኪስ ብቻ አይደለም። ንረቱ በጣም ሲከፋ ካዝናው እንዳይናጋ ጣሪያ ማበጀትም ይቻላል፤ ለምሳሌ በአንድ ዓመት ከ20 በመቶ የማይበልጥ ማስተካከያ፣ ቀሪው ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚሻገር።

ከዚሁ ጋር ትንሽ ነገር ልጨምር። ማንኛውም የታክስ ረቂቅ ወደ እናንተ ሲመጣ አንዲት ገጽ አብራ ትምጣ። በወር 2,000፣ 6,000፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያገኘው 11,500፣ ከዚያ 40,000 እና 80,000 ብር ለሚያገኙ ሰዎች ከመቶው ስንት እንደሚሄድ የምታሳይ። የገቢ ግብሩ ብቻ ሳይሆን የቫቱም፣ የኤክሳይዙም ድምር። ከረቂቁ በፊትና በኋላ። ይህን ለመሥራት የሚኒስቴሩ ባለሙያ ከእኔ የተሻለ መረጃ አለው፣ እኔ ያለኝ ማሽንና የጋሼ የሸመታ ትዝታ ብቻ ነበር።

ለጋሼ ያንኑ ሠንጠረዥ በእጅ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ታጥፎ የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰክቷል። ገቢ ወጪው ሾፌር ሁሉ እያነበበው «የእኔስ ስንት ነው?» እያለ ወደ ቢሮዬ ይመጣል። ሠንጠረዡ የዘንድሮ ነው። ሐምሌ ሲመጣ አዲስ ልጻፍላቸው ወይስ ያው ይቆይ፣ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ
አዲስ አበባ